ካሳ፣ ውልን በግድ ማስፈጸምና እግድ፦ የአንዲት ነጋዴ ሦስት ውሎች

አንድ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ሌላው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ምን ይጠይቅ? በዚህ ትምህርት ሦስት ዓይነት መልሶችን እናያለን። ትምህርቱ እንዲጨበጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ነጋዴዋ የምትኖረው በሐረሪ ክልል በድሬ ጠያራ ወረዳ ሲሆን ለውዝ ትነግዳለች፣ በጀጎል ግንብ ውስጥም ቤት ልትገዛ ተዋውላለች። ሴትዮዋም ዋጋዎቹም ለትምህርት የታሰቡ ናቸው፤ ሕጉ ግን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንወቅ። ካሳ ማለት ውሉ ባለመፈጸሙ የደረሰው ጉዳት በገንዘብ ተተምኖ የሚከፈልበት መፍትሔ ነው። ውልን በግድ ማስፈጸም ማለት ባለዕዳው ቃል የገባውን ያንኑ ነገር እንዲሰጥ ወይም እንዲያደርግ ፍርድ ቤት ሲያስገድደው ነው። እዚህ ላይ ባለዕዳ የምንለው የገንዘብ ተበዳሪን ብቻ አይደለም፤ በውሉ ግዴታ የገባ ሁሉ ባለዕዳ ነው። እግድ ደግሞ አንድ ሰው አንድን ነገር እንዳያደርግ ወይም የጀመረውን እንዲያቆም የሚሰጥ ትእዛዝ ነው።

የሁሉም መነሻ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1771 ውል የፈረሰበት ሰው እንደ ሁኔታው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ እንደሚችል፣ በዚያም ላይ የደረሰበት ጉዳት እንዲካስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። “በዚያም ላይ” የሚለውን ልብ እንበል። ካሳ ብቻውን ሊጠየቅ ይችላል፤ ከሌላው መፍትሔ ጋር ተደርቦም ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ውል እንሂድ። ነጋዴዋ 20 ኩንታል ለውዝ፣ ኩንታሉን በ9,000 ብር፣ ለመግዛት ከአንድ ገበሬ ጋር ተዋዋለች። ቀኑ ደረሰ፤ ለውዙ አልመጣም። የመጀመሪያ እርምጃዋ ክስ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም ሳያስጠነቅቁ ውሉ አልተፈጸመም ብሎ መከራከር አይቻልም። ሕጉ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ ቢያስቀምጥም ጥንቃቄው በማስጠንቀቁ ነው። ብዙ ክስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በስልክ ደጋግሞ ይጨቀጭቃል፣ በእጁ ግን ማስረጃ የለውም።

ማስጠንቀቂያው ተሰጠ፤ ገበሬው አሁንም አላስረከበም። በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤት “ያንኑ ለውዝ ስጣት” ብሎ ያስገድደዋልን? በአብዛኛው አያስገድደውም። ስለሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች ሽያጭ የሚናገረው የሕጉ ክፍል ገዢው ያለ ችግርና ያለ ብዙ ወጪ ተተኪ ዕቃ መግዛት ሲችል በግድ ይፈጸምልኝ ማለት እንደማይችል ይደነግጋል። ለውዝ በገበያ ሞልቷል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ትገዛለች፤ በዚያን ጊዜ ዋጋው 10,500 ብር ቢሆን በኩንታል 1,500፣ በ20 ኩንታል 30,000 ብር ልዩነት ይመጣል። ካሳዋ ከዚህ ይነሣል።

ነገር ግን ዋጋው ይወርዳል ብላ ወራት ብትጠብቅና በ13,000 ብር ብትገዛስ? ልዩነቱ 80,000 ብር ይሆናል፤ ሆኖም ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለበትና በመጠበቋ የተጨመረውን 50,000 ብር ገበሬው አይሸከምላትም። የካሳው ልክ፣ አንቀጽ 1799 እንደሚለው፣ በአስተዋይ ሰው ግምት ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ከዚያ የበለጠ የምትጠይቀው በተዋዋሉ ጊዜ ልዩ ሁኔታዋን ለገበሬው አስታውቃ ከነበረ ነው። ለምሳሌ ለውዙ በዚያ ቀን ካልደረሰ ከዘይት ፋብሪካ ጋር ያላት ውል እንደሚፈርስ ነግራው ከነበረ የካሳው ልክ ይሰፋል።

እስካሁን ያየነውን በአጭሩ እንያዘው፤ ነገሩ በገንዘብ የሚተካ ሲሆን ካሳ ይበቃል። ሁለተኛው ውል ግን ሌላ መልክ አለው።

ነጋዴዋ የገዛችው ቤት አሮጌ የሐረር ቤት ነው። በውስጡ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ቀይ የተቀቡ መደቦች አሉት፤ በግድግዳውም ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ተሠርተውበታል። ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ አላስረክብም አለ። የሻጩ ጠበቃ “ብሯን ከነወለዱ እንመልስላት” ቢል ነገሩ ይበቃል?

መልሱ አንቀጽ 1776 ላይ ነው። ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ውሉ በግድ መፈጸሙ ለጠያቂው የተለየ ጥቅም የሚሰጥ መሆን አለበት፤ እንዲሁም የባለዕዳውን የግል ነጻነት ሳይነካ ሊፈጸም የሚችል መሆን አለበት። ያንን ቤት የመሰለ ሌላ ቤት በገበያ አይገኝም፤ የተለየ ጥቅሙ እዚህ አለ። ቤቱን ለማስረከብና ስሙን ለማዛወር ደግሞ የሻጩን ሰውነት ማስገደድ አያስፈልግም። ሁለቱም መስፈርት ተሟልቷል።

ሁለተኛው መስፈርት በሦስተኛው ውል ይበልጥ ይታያል። ቤቱን እንዲያድስላት የተዋዋለችው ግንበኛ ሥራውን ትቶ ቢሄድ ፍርድ ቤት እየጎተተ አያሠራውም። አንቀጽ 1777 ያስቀመጠው መንገድ ሌላ ነው፦ ሥራው በሌላ ባለሙያ እንዲሠራና ወጪውን ግንበኛው እንዲከፍል ይፈቀድላታል።

በእንግሊዝ ሕግ ካሳ መደበኛው መፍትሔ ነው፤ በፈረንሳይ ሕግ ደግሞ መነሻው ውሉን ማስፈጸም ነው። ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም 1776 በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስለኛል፤ ማስፈጸምን ይፈቅዳል፣ ግን በመስፈርት።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። በግድ የሚፈጸመው የሚጸና ውል ብቻ ነው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መደረግና ሕጉ በሚያዘው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት (አንቀጽ 1723)። በድሬ ጠያራ ያለ የእርሻ መሬት “ገዛሁ” የሚል ሰውማ ውሉን ማስፈጸም አይችልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

አሁን እግድን እንመልከት። ነጋዴዋ ክስ መሥርታ ቀጠሮ እየጠበቀች ሳለ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሰው ለመሸጥ ደላላ እንዳነጋገረ ሰማች። በመጨረሻ ብትረታ እንኳ ቤቱ በቅን ልቦና በገዛ በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ በኋላ በእጇ የሚቀረው የካሳ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ለዚህ ተበጅቷል፤ ክርክር ያለበት ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ለሌላ ሊተላለፍ መሆኑ በቃለ መሃላ ወይም በሌላ መንገድ ሲረጋገጥ ጊዜያዊ እግድ ይሰጣል። ትእዛዙ ለሻጩ ብቻ ሳይሆን የቤቱን መዝገብ ለሚይዘው መሥሪያ ቤትም መድረስ አለበት፤ ያ ካልሆነ ስሙ ሊዛወር ይችላል።

ጊዜያዊ እግድ ፍርድ አይደለም። ቤቱ የማን እንደሆነ አይወስንም፤ እስከ ፍርዱ ድረስ ነገሩን ባለበት ያቆያል። ከዚህ የሚለየው በፍርድ የሚሰጠው እግድ ነው። ስለዚህኛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2121 የተቀመጠው መለኪያ ጎጂው ድርጊት ሊፈጸም መሆኑን የሚያሳምን ምክንያት መኖሩና ጉዳቱ በካሳ ሊጠገን የማይችል መሆኑ ነው። ስለዚህ የ20 ኩንታሉ ለውዝ ከሳሽ እግድ ብትጠይቅ “ካሳ ይበቃሻል” የሚል መልስ ይጠብቃታል፤ አሮጌዎቹ መደቦች ሊፈርሱ ነው የምትል የቤት ገዢ ግን ጠንካራ ምክንያት ይዛ ቀርባለች።

ፍርድ ቤት በመርህ ደረጃ ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም። ስለዚህ የቤቱ ክስ ማመልከቻ መጨረሻ ላይ ነጋዴዋ በቅደም ተከተል እንዲህ ትጽፋለች፦ ሻጩ ቤቱን እንዲያስረክብና ስሙን እንዲያዛውር ይወሰንልኝ፤ በመዘግየቱ የከፈልኩት የቤት ኪራይ ይካሰኝ፤ ቤቱን ማስረከብ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ በአማራጭ የከፈልኩት ዋጋና የደረሰብኝ ጉዳት ይከፈለኝ። የእግዱ ጥያቄ ደግሞ በተለየ አቤቱታ፣ ከቃለ መሃላው ጋር፣ ክሱ በሚከፈትበት ዕለት ይቀርባል።