የሠንጠረዡን ገዥ ተከትሎ ማንበብ

የልደት ሠንጠረዥ ማንበብ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው መረጃ በማጣት ሳይሆን በመረጃ ብዛት ነው። ፀሐይ እዚህ ናት፣ ጨረቃ እዚያ ናት፣ ማርስ በዚህ ቤት ነው እያለ ሁሉንም በየተራ ያብራራል። መጨረሻ ላይ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ዐሥራ አምስት አረፍተ ነገሮች ይዞ ይቀራል። የጥንት ኮከብ ቆጣሪዎች ከዚህ የሚወጡት አንዱን ፕላኔት መሪ አድርገው፣ የቀሩትን ከእሱ ጋር ባላቸው ግንኙነት በመመዘን ነበር። ያ መሪ የሠንጠረዡ ገዥ ይባላል።

ገዥውን ለማግኘት መጀመሪያ የሚታየው ሰውየው በተወለደበት ሰዓትና ቦታ በምሥራቅ አድማስ ይወጣ የነበረው ምልክት ነው። ይህ አሴንዳንት ይባላል፤ ያንን ምልክት የሚገዛው ፕላኔት ደግሞ የሠንጠረዡ ገዥ ነው። ሐመልንና አቅራብን ማርስ ይገዛል። ሠውርና ሚዛን የቬነስ፣ ገውዝና ሰንቡላ የሜርኩሪ፣ ቀውስና ሑት የጁፒተር፣ ጀዲና ደለዊ የሳተርን ናቸው። ሸርጣን የጨረቃ፣ አሰድ የፀሐይ ነው። ይህ በዓውደ ነገሥት እንደለመድነው ከስምና ከእናት ስም የሚሰላ አይደለም፤ የሚመነጨው ከሰዓትና ከቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ ከተሳሳተ ገዥውም ይሳሳታል። አሴንዳንቱ በግምት በየሁለት ሰዓቱ ምልክት ይቀይራል። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5፡30 የተወለደ ሰው ለሠንጠረዥ ማውጫ ፕሮግራም 5:30 ብሎ ቢሰጠው፣ ፕሮግራሙ የሚያወጣው የሌሊቱን 11፡30 ሠንጠረዥ ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት አሴንዳንቱን ሦስት ምልክት ያህል ያሸሸዋል። ስሕተቱን በፀሐይ ማወቅ ይቻላል። በሠንጠረዥ ላይ ምሥራቅ በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ የተወለደ ሰው ፀሐዩ ከአድማሱ መስመር በላይ፣ በግራው አጋማሽ መገኘት አለባት። ከመስመሩ በታች ከሆነች ሰዓቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አልተቀየረም ማለት ነው። የትውልድ ቀኑም እንዲሁ ወደ እ.ኤ.አ. መለወጥ አለበት።

አሠራሩን በአልበርት አይንስታይን ሠንጠረዥ ላይ እንየው። የተወለደው በጀርመን ኡልም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1879፣ በልደት መዝገቡ እንደተጻፈው ከረፋዱ 5፡30 ነው። በዚያ ሰዓት በምሥራቅ አድማስ ይወጣ የነበረው ሸርጣን፣ 11ኛው ዲግሪ ተሻግሮ ነበር። ልደቱ ከዚያ በአንድ ሰዓት ግድም ቢቀድም ኖሮ አሴንዳንቱ ገውዝ፣ ገዥውም ሜርኩሪ በሆነ ነበር። ሸርጣን ስለሆነ ግን ገዥው ጨረቃ ናት።

ጨረቃ የምትገኘው በቀውስ ነው። ሸርጣንን አንደኛ ቤት ብለን እያንዳንዱን ምልክት እንደ አንድ ቤት ስንቆጥር ቀውስ ስድስተኛው ይሆናል። ስድስተኛው ቤት የዕለት ልፋት፣ ተቀጥሮ የማገልገልና የሕመም ቤት ነው። ቀውስ ደግሞ የሩቅ አገርና የሰፊ ሐሳብ ምልክት ነው። እዚህ ላይ የንባቡ የመጀመሪያ አረፍተ ነገር ተገኘ፤ የዚህ ሰው ሕይወት የሚመራው ከአገር ውጭ በሚሠራ የልፋት ሥራ ውስጥ በሚያድግ ትልቅ ሐሳብ ነው። አይንስታይን ከ1902 እስከ 1909 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። ልዩ አንጻራዊነትን ጨምሮ ስሙን ያስጠሩትን ጽሑፎች ያወጣውም በዚያው ወንበር ላይ ሳለ፣ በ1905 ነው።

ቀጥሎ የገዥው ሁኔታ ይመረመራል። ቀውስ የጨረቃ የራሷ ምልክት አይደለም፤ የክብርም የውርደትም ቦታዋ አይደለም። በባዕድ ግቢ ያረፈች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ የሚበላው የቤቱ ባለቤት ያለውን ነው። ስለዚህ ባለቤቱን ጁፒተርን እንከተላለን። ጁፒተር በደለዊ ነው፤ የደለዊ ባለቤት ሳተርን ነው። ሳተርን በሐመል፣ በውርደት ቦታው ተቀምጧል። የሐመል ባለቤት ማርስ ደግሞ በጀዲ፣ በክብር ቦታው ነው፤ ጀዲ ደግሞ የሳተርን ነው። ሳተርንና ማርስ አንዱ በሌላው ምልክት ስለተቀመጡ ሰንሰለቱ እዚህ ይቆማል፤ አንዱ ለሌላው ባለቤት ነው። የተዋረደው ሳተርን በተከበረው ማርስ ይደገፋል። የጨረቃ ስንቅ በመጨረሻ የሚመጣው ከዚህ ጥንድ ነው ማለት ነው፤ ከትዕግሥትና ከጥረት፣ ከመከልከልና ከመታገል።

አሁን የቀሩት ፕላኔቶች በዚህ ክር ላይ ይሰካሉ። ሳተርን፣ ሜርኩሪና ቬነስ በሐመል፣ በዐሥረኛው ቤት አብረው አሉ፤ ይህ የሹመትና የዝና ቤት ነው። ሐመልና ቀውስ ሁለቱም የእሳት ምልክቶች ስለሆኑ በመልካም ማዕዘን ይተያያሉ። በዲግሪም ቢሆን ጨረቃ ወደ ቬነስ ለመድረስ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ይቀራታል። ስለዚህ ሜርኩሪን ለብቻው «ፈጣን አሳቢ» ብሎ መተው አይበቃም። ከሳተርን ጋር አንድ ዲግሪ ብቻ የሚራራቀው ይህ ጥብቅና ታጋሽ አእምሮ፣ ስድስተኛው ቤት የሚለፋበትን ወደ ዐሥረኛው የሚያወጣ መሣሪያ ሆኖ ይነበባል። የማርስ ቦታ ሰባተኛው ቤት ነው፤ የባልንጀራና የግልጽ ተቃዋሚ ቤት። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ጀርመን ሳይመለስ ቀርቶ ፕሪንስተን መግባቱ የሚነበበው እዚህ ነው፤ ተቃዋሚው ሲገፋው ጨረቃ እንደገና ወደ ሩቅ አገር ትሄዳለች።

ፀሐይስ? በሑት፣ በዘጠነኛው ቤት ናት። ከእሷ ብንነሣ ኖሮ ስለ አንድ ሕልመኛ ጠቢብ እንተርክ ነበር፤ የቢሮው ልፋትና ስደቱ ግን ከዳር ይቀሩ ነበር። ሑትም እንደ ቀውስ የጁፒተር ስለሆነ ፀሐይና ጨረቃ አንድ ባለቤት አላቸው። የፀሐይ ጥበብ ከገዥው ልፋት ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ገዥው መሪ ነው እንጂ ብቸኛ ምስክር አይደለም። ከገዥው ጋር በምንም የማይተያይ ፕላኔት ካለ በግድ አይጎተትም፤ በሰውየው ሕይወት ውስጥ ለብቻው የሚሄድ ጉዳይ ተብሎ በስሙ ይነገራል። በዚህ ሠንጠረዥ አሴንዳንቱ ራሱ እንዲህ ነው። ሸርጣንና ቀውስ በልማዱ አይተያዩም፤ ስለዚህ ገዥዋ ከራሷ ቤት ዞር ብላ ስለምትሠራ ሰውየው ለሥራው ሲል ራሱን የሚዘነጋ ሆኖ ይነበባል።

ሁለተኛው፣ የታወቀን ሰው ታሪክ ከሠንጠረዡ ጋር ማጣጣም ቀላል ነው። ይህ ምሳሌ አሠራሩን ያሳያል እንጂ ትንቢት መሥራቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ለማያውቁት ሰው ሲያነቡ የገዥውን ቤት፣ ምልክትና የባለቤት ሰንሰለት ታሪኩን ከመጠየቅዎ በፊት በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፉት። ከዚያ የቀረውን ሁሉ ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። አረፍተ ነገሩን ሰርዘው ንባቡ ምንም ካልጎደለበት፣ ክሩን አልያዙትም፤ ወደ አሴንዳንቱ ተመልሰው ሰዓቱን እንደገና ይፈትሹ።