ጉቶውን ሳይሆን ዙሪያውን እዪ

ልጄ፣ ትናንት አራስ ልጠይቅ ስመጣ ልጁን ስታጥቢ አየሁሽ፤ እትብቱን እንደ እሳት ትሸሺዋለሽ። በሰው ፊት መምከር ስላልወደድኩ ይኸው ጻፍኩልሽ። ዕድሜዬን በሶዶ ዙሪያ በአዋላጅ ነርስነት የጨረስኩ ነኝና ስሚኝ።

1. መጥቆሩ አያስደንግጥሽ። እትብት ሲቆረጥ ነጭና እርጥብ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይኮማተራል፣ ከዚያ ይጠቁርና እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይወድቃል። በክር ያህል ተንጠልጥሎ ብታዪው እንኳ አትጎትቺው። ሲወድቅ ጥቂት የደም ጠብታ ማየት፣ ሥሩም ለጥቂት ቀን ረጠብ ማለቱ ያለ ነው። ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገሽ ይዘሽው ካልቆመ ግን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

2. ቅቤ አይነካውም። ወላይታ ውስጥ ቅቤ የማይገባበት የለም፣ አውቃለሁ። እትብት ግን የሞተ ሥጋ ነው፤ መድረቅ እንጂ መለስለስ አይፈልግም። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል፣ ተህዋሲያኑም እዚያው ይራባሉ። አመድ፣ አፈርና እበት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጡ ይችላሉ። አማትሽ ቅቤ ይዘው ሲመጡ አትከራከሪ፤ በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ሙቹዋሽ ላይ አድርጊው። ዳይፐሩን ከእምብርቱ በታች እጠፊው። ሽንት ከነካው በንጹሕ ውኃና ሳሙና አጥበሽ አድርቂው። ከሁሉ በፊት የራስሽን እጅ ታጠቢ።

3. ከጤና ተቋም ክሎርሄክሲዲን የሚባል ቅባት ተሰጥቶሽ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ7 ቀን፣ ጫፉንና ሥሩን ቀቢው። ከዓይን ቅባት ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጪው። በስህተት ዓይን ውስጥ ተጨምሮ ዓይን የጎዳባቸው አገሮች አሉ። ካልተሰጠሽ ምንም ሳትቀቢ ንጹሕና ደረቅ አድርገሽ መያዝ ይበቃል።

4. ዋናው ይህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከሁምቦ በኩል አንዲት እናት የ6 ቀን ልጇን ይዛ መጣች። እትብቱ ጠቁሮ ደርቋል፣ ቤተሰቡም በዚያ ተደስቷል። ጉቶውን ቀና ሳደርገው ግን ሥሩ ላይ ቢጫ መግል ነበር፤ የታሰረበት ጨርቅም የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል። ዙሪያው ያለው ቆዳ ቀልቶ ወደ ሆዱ እየሄደ ነው። በእጄ ጀርባ ስነካው ያቃጥላል፣ አብጦ ጠጥሯል፣ ልጁም ያለቅሳል። አያቱ «ትኩሳት እኮ የለውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በብብቱ ስለካው 35.2 ነበር። ጨቅላ ሕፃን ሲመረዝ እንደ ትልቅ ሰው መጋል ብቻ ሳይሆን መቀዝቀዝም አለው፤ እኔን ያስፈራኝም ብርዱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የጠባው ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን እናቱ የነገረችኝ ስጠይቃት ነው። የመጀመሪያውን መርፌ ወግቼ፣ ራቁት ደረቷ ላይ አስታቅፌ በጋቢ ሸፍኜ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ከ10 ቀን በኋላ ድኖ ወጣ።

ስለዚህ ጉቶው ደረቀ ብለሽ አትዘናጊ፤ ሥሩንና ዙሪያውን ቆዳ እዪ። በጨለማ ጓዳ አይሆንም፣ በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን ነው። ጠየም ባለ ልጅ መቅላቱ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁረት ስለሚያደላ ዓይንሽን ብቻ አትመኚ፤ ሙቀቱንና እብጠቱን በእጅሽ ጀርባ ፈትሺ። ሽታም ቢሆን ሲደርቅ ቀለል ያለ ጠረን ሊኖረው ይችላል፤ ልብሱን ስትፈቺ አፍንጫሽን የሚያስይዝሽ ግን ሌላ ነው።

5. ሥሩ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ልጁ ደህና እየጠባም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ በጊዜው ከተያዘ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። መቅላቱ ወደ ሆድ ከተስፋፋ፣ መጥባት ከተወ፣ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በፍጥነት ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ ለአንቺ ኦቶና ቅርብ ነው። የእትብቱ ደም ሥር ወደ ጉበት የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ከተወለደ በኋላም ለጥቂት ቀናት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። መግሉ በዚያ ከገባ ወደ ደም ለመድረስ ሰዓታት ይበቁታል። በመንገድ ላይ እያጠባሽው፣ ደረትሽ ላይ አሙቀሽው ሂጂ።

6. ሦስት ሳምንት አልፎት ካልወደቀ፣ ወይም ከወደቀ በኋላ እርጥብ ቀይ ሥጋ መሰል ነገር ከቀረ አይጣደፉለትም፤ ግን አሳዪው።

ሐሙስ 7ኛ ቀኑ ነው፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለሽ። ደርቆልኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ጠዋት መጥቼ አብሬሽ እሄዳለሁ።