ካስተማሩ በኋላ የሚጻፈው ምልከታ ለዕቅድ ክለሳ ያለው ፋይዳ

«ትምህርቱ በዕቅዱ መሠረት ተሰጥቷል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ተረድተዋል።» በዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ግርጌ የሚሰፍር እንዲህ ያለ ቃል ለመዝገብ ይበቃ ይሆናል፤ ዕቅዱን ለሚከልሰው መምህር ግን የሚነግረው የለም።

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የክፍልፋዮች መደመር በ40 ደቂቃ ተሰጠ እንበል። በመዝጊያው 1/2 + 1/3 ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ከ50 ተማሪዎች 22ቱ 2/5 ብለው ጻፉ። «22 ተማሪዎች ተሳስተዋል» ብቻ ቢመዘገብ የስሕተቱ ባሕርይ ይሰወራል። 2/5 ተብሎ ሲጻፍ ግን ተማሪዎቹ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት መደመራቸው ይታያል።

መምህሩ ምክንያት የሚመስለውን ካየው ነገር ለይቶ ያሰፍራል፤ የጋራ ታሕት አወጣጥን ከማሳየቱ በፊት የክፍልፋዮቹን መጠን አላነጻጸረም። ይህ ገና ግምት ነው፤ የሚፈተነውም ያንኑ ትምህርት ለ«ለ» ምድብ ሲሰጥ ነው። በዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፦ የአንድ ድፎ ዳቦ ግማሽና 2/5 በሥዕል አቅርቦ የትኛው እንደሚበልጥ አስቀድሞ ይጠይቃል። በግማሹ ላይ ተጨምሮበት ድምሩ ከግማሽ ሊያንስ አይችልምና። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጠ የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

የመዝጊያው ጥያቄ ዓይነቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጥ፤ 1/3 + 1/4 ቢሆን የቀድሞው ስሕተት 2/7 ሆኖ ይወጣል። በዕረፍት ሰዓት መልስ ከ«ሀ» ወደ «ለ» መሻገሩ አይቀርም! የሁለቱ ምድቦች አቅም ልዩነትም አብሮ ይጻፍ፤ ያለዚያ የተማሪዎቹ ብርታት ለዕቅዱ ይቈጠራል።