የኢንተርፌሮን ጋማ ምልክትና የመከላከያ ኬላዎች፦ ዕጢዎች ከቲ ሕዋሳት እንዴት ያመልጣሉ?

መግቢያ

በካንሰር ኢሚዩኖሎጂ ትምህርት የመከላከያ ኬላ (ኢሚዩን ቼክፖይንት) የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ እንዲህ ይቀርባል፦ ዕጢው በገጹ ላይ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን ያወጣል፤ ይህ ፕሮቲን በቲ ሕዋስ ላይ ከሚገኘው ፒዲ-1 ጋር ይጣመራል፤ ቲ ሕዋሱም ይገታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ይህን ጥምረት ይከለክላል። አገላለጹ ትክክል ቢሆንም ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። ዕጢው ፒዲ-ኤል1ን የሚያወጣው መቼና በምን ትእዛዝ ነው? መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ከሠራ በኋላስ ዕጢው እንደገና የሚያድገው ለምንድን ነው? የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ በአብዛኛው ወደ አንድ ስፍራ ይመራል፤ እርሱም ቲ ሕዋሳት የሚያመነጩት የኢንተርፌሮን ጋማ የምልክት መስመር ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን መስመር ተከትሎ፣ በሜላኖማ ሕሙማን ላይ የታየ አንድ ምሳሌ በመውሰድ ጉዳዩን ያብራራል።

ቲ ሕዋስ የሚነሣበትና የሚገታበት መንገድ

ገዳይ ቲ ሕዋስ (ሲዲ8 ቲ ሕዋስ) ለሥራ እንዲነሣ ሁለት ምልክቶች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው የማንነት ምልክት ነው፤ የቲ ሕዋሱ ተቀባይ በሌላ ሕዋስ ገጽ ላይ በኤምኤችሲ ክፍል 1 ተይዞ የቀረበውን አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ይለያል። ሁለተኛው የፈቃድ ምልክት ነው፤ በቲ ሕዋሱ ላይ ያለው ሲዲ28 አንቲጅን አቅራቢ ሕዋስ ከሚያወጣቸው ከሲዲ80 ወይም ከሲዲ86 ጋር ሲጣመር ይሰጣል። የመጀመሪያው ምልክት ያለ ሁለተኛው ቢመጣ ቲ ሕዋሱ በአግባቡ አይነሣም።

ሰውነት የተነሣውን ቲ ሕዋስ የሚገታባቸው ልጓሞችም አሉት። ሲቲኤልኤ-4 ከሲዲ28 ጋር ለተመሳሳይ ተጣማሪዎች ይሻማል፤ ከእነርሱም ጋር እጅግ በጠነከረ ሁኔታ ስለሚያያዝ የፈቃዱን ምልክት ይነፍገዋል። ይህ በዋናነት የሚፈጸመው ቲ ሕዋሱ ገና በሚነሣበት በሊምፍ ኖድ ውስጥ ነው። ፒዲ-1 ግን በአብዛኛው የሚሠራው ቲ ሕዋሱ በደረሰበት የአካል ክፍል ውስጥ ነው። ፒዲ-ኤል1 ሲያገኘው ሺፕ-2 የተባለውን ኢንዛይም ወደ ሕዋሱ ገጽ ይስባል፤ ኢንዛይሙም በሲዲ28 እና በተቀባዩ ሥር ካሉ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌትን በማንሣት ምልክቱን ያዳክማል።

ልጓሞቹ የተፈጠሩት ለዕጢ ጥቅም አለመሆኑን የአይጥ ጥናቶች በግልጽ ያሳያሉ። የሲቲኤልኤ-4 ጂን የተወገደባቸው አይጦች ከተወለዱ ከ3 እስከ 4 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቲ ሕዋሳት ያለ ገደብ ተባዝተው አካላቸውን ስለሚወርሩ ይሞታሉ። የፒዲ-1 ጂን የተወገደባቸው አይጦች ደግሞ የሚታመሙት ዘግየት ብለውና በለዘበ ሁኔታ ነው። ይህ ልዩነት ሲቲኤልኤ-4 የጠቅላላው ሥርዓት፣ ፒዲ-1 ደግሞ በተለይ የአካባቢው ልጓም መሆናቸውን ያመለክታል። ሲቲኤልኤ-4ን የሚያግደው ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፒዲ-1ን የሚያግዱት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 በአሜሪካ ለሜላኖማ ሕክምና ተፈቅደዋል። ለዚህ መሠረት የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ የ2018ን የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተጋርተዋል።

ፒዲ-ኤል1 ለጥቃት የሚሰጥ ምላሽ ነው

ቲ ሕዋስ ዕጢውን ሲለይ መግደያ ፕሮቲኖችን ከመልቀቁ በተጨማሪ ኢንተርፌሮን ጋማ ያመነጫል። ይህ ሞለኪውል በዕጢው ሕዋስ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲጣመር፣ ከተቀባዩ ጋር ተያይዘው የሚገኙት ጃክ1 እና ጃክ2 የተባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነርሱም ስታት1 የተባለውን ፕሮቲን ፎስፌት ያሸክሙታል፤ ስታት1 ጥንድ ሆኖ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፤ በዚያም በርካታ ጂኖች እንዲሠሩ ያደርጋል።

ከዚህ የሚከተሉትን ሦስት ውጤቶች ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ዕጢው በኤምኤችሲ ክፍል 1 ላይ የሚያቀርበው አንቲጅን ይጨምራል፤ ስለዚህ ለቲ ሕዋሳት ይበልጥ ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ የዕጢው ሕዋሳት መባዛት ይገታል። ሦስተኛ፣ ፒዲ-ኤል1 በገጹ ላይ ይበዛል። ሁለቱ ውጤቶች ዕጢውን ይጎዳሉ፤ ሦስተኛው ይጠብቀዋል። በጤናማ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሦስተኛው ውጤት፣ ቲ ሕዋሳት ተላላፊ በሽታን ሲዋጉ አካባቢውን ከመጠን በላይ እንዳያወድሙ ይረዳል። ዕጢው ይህንኑ ነባር ጥበቃ ይጠቀምበታል። ክስተቱም ተላማጅ የመከላከል መቋቋም ይባላል።

ስለዚህ በብዙ ዕጢዎች ውስጥ የፒዲ-ኤል1 መገኘት የሚነግረን ቲ ሕዋሳት ቀድመው መድረሳቸውንና መዋጋት መጀመራቸውን ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 46 የሜላኖማ ሕሙማንን ናሙናዎች መርምሮ፣ ለፔምብሮሊዙማብ ምላሽ የሰጡት ሕሙማን ከሕክምናው በፊትም በዕጢው ጠርዝ ላይ ብዙ ሲዲ8 ቲ ሕዋሳት እንደነበሯቸው አሳይቷል። መድኃኒቱ ልጓም ያነሣል እንጂ ቲ ሕዋስ ባልደረሰበት ዕጢ ውስጥ በራሱ ውጊያ አይጀምርም።

ይሁን እንጂ ፒዲ-ኤል1 ሁልጊዜ የጥቃት ምልክት አይደለም። በሆጅኪን ሊምፎማ ብዙውን ጊዜ በክሮሞሶም 9 ላይ ፒዲ-ኤል1ን የያዘው ክፍል ራሱ ይባዛል፤ በዚህ ጊዜ ፕሮቲኑ ያለ ኢንተርፌሮን ትእዛዝም ሊወጣ ይችላል። ፒዲ-ኤል1ን ብቻ የሚለካ ምርመራ እነዚህን ሁለት መነሻዎች ስለማይለይ፣ ውጤቱ በዕጢው ውስጥ ካሉት ሲዲ8 ሕዋሳት ጋር አብሮ ሊነበብ ይገባዋል።

መድኃኒቱ ከሠራ በኋላ ማምለጥ፦ የአራት ሕሙማን ጥናት

በ2016 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከታከሙት 78 የተሰራጨ ሜላኖማ ያለባቸው ሕሙማን 42ቱ ለፔምብሮሊዙማብ ምላሽ ሰጥተው ነበር፤ ከእነዚህም 15ቱ በኋላ በሽታው ተመልሶባቸዋል። ተመራማሪዎቹ ለዝርዝር ምርመራ የሚበቃ ናሙና የተገኘላቸውን አራት ሕሙማን መርጠው፣ ከሕክምና በፊት የተወሰደውን ዕጢ በሽታው ሲመለስ ከተወሰደው ጋር በጂን ደረጃ አነጻጸሩ።

በአንዱ ሕመምተኛ ጃክ1ን፣ በሌላው ደግሞ ጃክ2ን ከሥራ ውጭ ያደረገ ሚውቴሽን ተገኘ። በሁለቱም የተቀረው ጤናማ የጂኑ ቅጂ ጠፍቷል። ይህ ዝርዝር ወሳኝ ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ቢበላሽ ሌላው ምልክቱን ማስተላለፉን ሊቀጥል ይችል ነበርና። በሦስተኛው ሕመምተኛ የተበላሸው ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለው ጂን ነው። ይህ ፕሮቲን ከሌለ ኤምኤችሲ ክፍል 1 በትክክል ተገጣጥሞ ወደ ሕዋሱ ገጽ አይወጣም። በአራተኛው ሕመምተኛ ግን ማምለጫውን የሚያስረዳ ግልጽ የጂን ለውጥ አልተገኘም።

የጃክ መጥፋት ለዕጢው የሚጠቅመው እንዴት ነው? መስመሩ ሲቆረጥ ፒዲ-ኤል1ን የማብዛት ችሎታም አብሮ ይጠፋልና በመጀመሪያ ሲታይ ዕጢው ጋሻውን የጣለ ይመስላል። ነገር ግን ይህ የሆነው ፒዲ-1 በመድኃኒት ታግዶ ባለበት ሁኔታ ነው። መድኃኒቱ ጋሻውን አስቀድሞ ዋጋ ቢስ ስላደረገው ዕጢው ጋሻውን በማጣቱ የሚጎዳው ጥቂት ነው። በአንጻሩ ከመባዛት መገታት ይድናል፤ ኤምኤችሲውም በጥቃቱ ወቅት አይጨምርም። መድኃኒት በሌለበት የማያዋጣ ለውጥ መድኃኒት ባለበት ያዋጣል፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ የተሸከሙ ጥቂት ሕዋሳትም በዚሁ ምርጫ ይበዛሉ።

በቤተ ሙከራ ማምለጫውን መለየት

ከተመለሰው ዕጢ የሕዋስ መስመር ማሳደግ ከተቻለ፣ ማምለጫው የቱ እንደሆነ በቀላል ሙከራ ማጣራት ይቻላል። ሕዋሳቱ ተከፍለው ገሚሶቹ ያለ ምንም ጭማሪ፣ ገሚሶቹ ከኢንተርፌሮን ጋማ ጋር፣ የቀሩት ደግሞ ከኢንተርፌሮን አልፋ ጋር ይያዛሉ። ከዚያም በገጻቸው ላይ ያለው ፒዲ-ኤል1 እና ኤምኤችሲ ክፍል 1 በፍሎው ሳይቶሜትሪ ይለካል። የቤተ ሙከራ ስሕተትን ለመለየት፣ ምላሽ እንደሚሰጥ የታወቀ ሌላ የሕዋስ መስመር ጎን ለጎን መፈተን አለበት።

ኢንተርፌሮን ጋማ ሲጨመር ሁለቱም ፕሮቲኖች ከጨመሩ መስመሩ ደህና ነው፤ የማምለጫው ምክንያት በሌላ ስፍራ ይፈለጋል። ፒዲ-ኤል1 ጨምሮ ኤምኤችሲ ክፍል 1 ጨርሶ ካልታየ፣ ትእዛዙ ደርሷል፤ የጎደለው የማቅረቢያው አካል ነው፤ ስለዚህ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን ይጠረጠራል። ሁለቱም ካልጨመሩ መስመሩ ራሱ ተቆርጧል። በዚህ ጊዜ ለውሳኔ የሚረዳው ኢንተርፌሮን አልፋ ነው፤ ምክንያቱም የእርሱ ተቀባይ ጃክ1ን ቢጠቀምም ጃክ2ን አይጠቀምም፤ በምትኩ ቲክ2 በተባለ ኢንዛይም ይሠራል። ለአልፋ ምላሽ እየሰጠ ለጋማ ዝም ያለ ሕዋስ ጃክ2ን ወይም የጋማን ተቀባይ ሳያጣ አልቀረም፤ ለሁለቱም ዝም ያለ ሕዋስ ግን በመጀመሪያ ጃክ1ን ያስጠረጥራል። በጥናቱ ውስጥ ከጃክ2 ሕመምተኛው የተገኘው የሕዋስ መስመር የሰጠው ምላሽም እንዲሁ ነበር፤ ለጋማ ደንቁሮ ለአልፋ ምላሽ ሰጥቷል።

የሙከራው ገደቦችና ማጠቃለያ

ውጤቱን ሲተረጉሙ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። ጃክ ያጣ ሕዋስ መነሻ መጠኑን የያዘ ኤምኤችሲ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ኢንተርፌሮን የሚደረግ አንድ ልኬት ብቻውን ጉድለቱን አያሳይም። አንድ የሕዋስ መስመር መላውን ዕጢ አይወክልም፤ በሌላ የሰውነት ክፍል ያለ ስርጭት የተለየ ማምለጫ ሊኖረው ይችላል። ኤምኤችሲ ክፍል 1ን ማጣትም ያለ ዋጋ አይደለም፤ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት (ኤንኬ ሕዋሳት) የሚገቱት በከፊል በዚሁ ሞለኪውል ነውና፣ የጣለው ዕጢ ከቲ ሕዋሳት ቢሰወርም ለእነርሱ ሊጋለጥ ይችላል።

ከላይ የታዩት ማምለጫዎች በሕክምና ምርጫ ላይ የሚያስከትሉት ልዩነት ግልጽ ነው። በፒዲ-ኤል1 ብቻ የተጠበቀ ዕጢ በውስጡ ቲ ሕዋሳት ካሉ ለፒዲ-1 ማገጃ ተስፋ ያለው ነው። ኤምኤችሲ ክፍል 1ን ያጣ ዕጢ ግን በሲዲ8 ቲ ሕዋስ ስለማይለይ፣ በፒዲ-1 ማገጃ ላይ ሌላ ልጓም የሚያነሣ መድኃኒት መጨመር ጉድለቱን አያቃናውም፤ የሚጨምረው ግን እንደ አንጀት ብግነትና የልብ ጡንቻ ብግነት ያሉ፣ ልጓም በማንሣት የሚመጡ ጉዳቶችን አደጋ ነው። ስለሆነም ሕክምናው መሥራት ሲያቆም ከመቀጠል ወይም ከመደረብ በፊት አዲስ ባዮፕሲ ወስዶ፣ ምልክቱ የተቋረጠው በየትኛው የመስመሩ ነጥብ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።