ለባንክ የሚጻፍ የማስታወቂያ ባለሙያ ማመልከቻ

ጥያቄ፦ በግሌ ለተለያዩ ደንበኞች የፌስቡክና የጉግል ማስታወቂያ እሠራለሁ። አንድ ባንክ ለዚሁ ሥራ ቋሚ ሠራተኛ ስለሚፈልግ ላመለክት ነው። በደብዳቤዬ ላይ ምን ላስቀድም?

መልስ፦ የላይክና የተከታይ ብዛትን ይተዉት። ባንኩ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ሰው ሒሳብ ከፍቶ ገንዘብ እስኪያስገባ ድረስ ስንት ብር እንደሚወጣ ነው። ስለዚህ ከሠሩት ሥራ አንዱን ብቻ መርጠው እስከ መጨረሻው ይተርኩት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ለአንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሁለት ማስታወቂያዎችን እያንዳንዳቸውን በ30,000 ብር አስኬድኩ። የመጀመሪያው 3,000 ጠቅታ ቢያመጣም ከፍለው የተመዘገቡት 20 ተማሪዎች ናቸው። ሁለተኛው ያመጣው 1,500 ጠቅታ ብቻ ሲሆን 50 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ጠቅታው በእጥፍ ቢወደድም አንድ ተማሪ ለማግኘት የወጣው ከ1,500 ወደ 600 ብር ስለወረደ ቀሪውን በጀት ወደ ሁለተኛው አዞርኩ።»

ይህን ያነበበ ኃላፊ በተማሪው ቦታ የራሱን አስቀማጭ ይተካል። ቁጥሮቹ ግን የእርስዎ እውነተኛ ቁጥሮች ይሁኑ፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ምንጫቸውን መጠየቅዎ አይቀርም።

የደንበኛዎን ስም ያለ ፈቃዱ አይጥቀሱ። የሰው ምስጢር የሚጠብቅ ተቋም ይህን በጥሞና ያያል።

ብቻውን የሠራ ሰው የባንክን አሠራር ይታገሣል ወይ የሚል ጥርጣሬም ይኖራል። በባንክ የወለድ መጠን የሚጠቅስ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሕግ ክፍል ሳያየው አይወጣም። ጽሑፍዎን ደንበኛ አርሞና አጽድቆት የወጣበት ሥራ ካለዎት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹት። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ።