ለውሻ የሚሰጥ መድኃኒት ለድመት

ቤት ጠባቂው ውሻ እግሩን ተመታ እንበል። የተመታው ቦታ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ውሻውም ያነክሳል። ለዚህ ምክንያቱ ሰውነቱ በተጎዳው ቦታ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አስፕሪንና መሰሎቹ ይህ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያግዳሉ። ስለዚህ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሕመሙም ይቀላል።

ነገር ግን ይኸው ንጥረ ነገር ጥቅምም አለው። ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃል፤ ኩላሊትም ደም እንዳያንሰው ይረዳል። መድኃኒቱ ከበዛ ጨጓራ ይቆስላል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ይህ በውሻም ይደርሳል።

ታዲያ በድመት ለምን ይብሳል? ነገሩ ያለው ጉበቷ ላይ ነው። ጉበት አስፕሪንን ለውጦ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። የድመት ጉበት ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። በውሻ ሰውነት የገባው አስፕሪን በ8 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በድመት ግን 38 ሰዓት ያህል፣ ማለትም ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ጧትና ማታ ብንሰጣት የጧቱ ሳይወጣ የማታው ይደረብበታል። በማግሥቱም እንዲሁ እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመትማ ለሰው የተሠራው ባለ 300 ሚሊግራም ክኒን አንዱ ፍሬ እንኳ ይበዛባታል።

ድመቷ ምግብ እምቢ ካለች፣ ካስመለሳት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ዓይነ ምድሯ እንደ ከሰል ከጠቆረ ተመርዛ ይሆናል። ጥቁረቱ ከጨጓራ የፈሰሰ ደም ነው። ሳይውል ሳያድር ክኒኑን ከነመጠቅለያው ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ጥያቄ
1. አስፕሪን እብጠትን የሚቀንሰው እንዴት ነው?
2. አስፕሪን በድመት ሰውነት የሚጠራቀመው ለምንድን ነው?