መረጃው ትክክል፣ ሙግቱ የጎደለ መልስ፦ አስተራረሙና ግብረ መልሱ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መረጃው ትክክል ሆኖ ሙግት የሌለው የፈተና መልስ እንዴት ሊታረምና ምን ዓይነት ግብረ መልስ ሊሰጠው እንደሚገባ ከታሪክ ትምህርት በተወሰደ አንድ ምሳሌ ማሳየት ነው።

ጥያቄው «የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የዐድዋ ጦርነት መንስኤ ነው ወይስ ሰበብ? አቋማችሁን በማስረጃ አስደግፉ» የሚል ነው እንበል። ተማሪው ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን መያዟን፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ መሸነፏን፣ ውሉ በ1881 ዓ.ም. መፈረሙን፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ በ17ኛው አንቀጽ መለያየታቸውን፣ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን፣ በመጨረሻም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነት በቅደም ተከተል ጽፏል። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን «መንስኤ» ወይም «ሰበብ» የሚል ፍርድ አልሰጠም። ጉድለቱን ለመለየት የሚረዳው መንገድ ጥያቄውን መቀየር ነው። ይኸው መልስ «ከ1877 እስከ 1888 ዓ.ም. የተፈጸሙትን ክንውኖች ዘርዝሩ» ለሚል ጥያቄ አንድም ቃል ሳይለወጥ የሚያገለግል ከሆነ፣ ዝርዝር እንጂ ሙግት አይደለም።

በዚህ ጊዜ አራሚው ሁለት ስሕተቶች ሊፈጽም ይችላል። አንደኛው፣ ርዕሱን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በመረጃዎቹ መካከል የጎደለውን ግንኙነት በራሱ አእምሮ ሞልቶ ለተማሪው ነጥብ መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ በሙግቱ መጥፋት ተበሳጭቶ የመረጃውን ነጥብ ጭምር መቀነስ ነው። ሁለቱንም ለማስቀረት ነጥቡ ከእርማት በፊት መከፋፈል አለበት። ከ20 ነጥብ 8ቱ ለመረጃ፣ 12ቱ ለአቋምና መረጃን ከአቋም ጋር ለማያያዝ ቢመደብ፣ ይህ መልስ 8ቱን በሙሉ ያገኛል። ከ12ቱ ግን ተገቢ ማስረጃ በመምረጡ ከ2 በላይ ሊሰጠው አይገባም። ጥያቄው ራሱ «ዘርዝሩ» ብሎ ከነበረ ግን በሙግት እጦት ነጥብ መቀነስ ፍትሐዊ አይሆንም።

በወረቀቱ ኅዳግ «ትንተና ይጎድላል» ብሎ መጻፍ ተማሪው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም፤ ብዙውን ጊዜም ተጨማሪ መረጃ እንዲያጭቅ ይገፋፋዋል። የተሻለው ግብረ መልስ ከራሱ ዐረፍተ ነገር ይነሣል፦ «ምጽዋ የተያዘችውም፣ የዶጋሊ ውጊያ የተካሄደውም ከውሉ በፊት እንደሆነ በትክክል ጽፈሃል። ይህ ቅደም ተከተል ስለ 17ኛው አንቀጽ ምን ያሳያል? መልስህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መግቢያው ላይ አስቀምጥ። ከዚያም የ1885ቱ ስረዛ ያንን አቋም ይደግፍ ወይም ይቃወም እንደሆነ ጻፍ።»

ይህ አስተያየት አቋሙን ለተማሪው አያቀብልም፤ የሚጀምርበትን ቦታ ግን ያመለክተዋል። ፋይዳው የሚታወቀው ተማሪው አንዱን አንቀጽ እንደገና ሲጽፍ ነው። አዲሱ አንቀጽ ለ«ዘርዝሩ» ጥያቄ መልስ ሆኖ ማገልገል ካቆመ፣ ግብረ መልሱ ሠርቷል ማለት ይቻላል።